ስኳር ውሃ ጠጥቶ ሁለት ሰዓት መቀመጥ፦ ከምርመራው በፊት እንጀራ መተው ለምን አይጠቅምም?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 26ኛ ሳምንቴ ላይ ነኝ። የስኳር ምርመራ ታዝዞልኛል። በባዶ ሆዴ ሄጄ፣ ስኳር ውሃ ጠጥቼ፣ ሁለት ሰዓት ልቀመጥ ነው፤ ሦስት ጊዜ ደም ይወስዳሉ አሉኝ። እናቴ ስኳር ስላለባት ፈርቼ እንጀራና ጣፋጭ ካቆምኩ ሰንብቻለሁ። ጾሙንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ስንት ቀን ልዘጋጅ? በጣት ተለክቶ ቢያልቅ አይሻልም? ካስመለሰኝስ?»

የላቦራቶሪ ባለሙያ ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ወደ እንጀራሽ ተመለሺ። ቀጠሮሽ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ከሆነ ደውለሽ በጥቂት ቀን አስገፊው። ቢያንስ ሦስት ቀን እንደ ወትሮሽ በልተሽ ነው መምጣት ያለብሽ። ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ደጋግሜ የማየው ነገር ነው። ሰው ውጤቱ እንዲያምርለት ብሎ ምግቡን ይቀንሳል፤ ውጤቱ ግን በዚያው ምክንያት ሊበላሽበት ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ምርመራ ኦጂቲቲ ይባላል። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ 75 ግራም ግሉኮስ በአንድ ጊዜ ወደ ሰውነትሽ ሲገባ፣ ሰውነትሽ በምን ያህል ፍጥነት ከደም ውስጥ ያነሳዋል? ስኳሩን የሚያስነሳው ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ነው። እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ድንቹን ለቀናት ስትተዪው ሰውነትሽ ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ጡንቻ ስብ መጠቀም ሲለምድ ግሉኮስ ለመቀበል ይዘገያል። ቆሽትም የለመደው ሥራ ስለሚቀንስበት ኢንሱሊን ለመልቀቅ ይቀዘቅዛል። በዚህ መሃል 75 ግራም ግሉኮስ በድንገት ሲመጣበት ሰውነት ይደናገራል። ስኳሩ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ሲወርድም ቀስ ብሎ ነው። ወረቀቱ ላይ «ከፍ ያለ» ተብሎ ይጻፋል። አንቺ ጤነኛ ሆነሽ ሳለ የእርግዝና ስኳር አለብሽ ልትባዪ ትችያለሽ።

ስለዚህ የዝግጅት ቀናት ሥራቸው ሰውነትን ወደ ወትሮው መመለስ ነው። መመሪያው ቢያንስ ሦስት ቀን፣ በቀን ቢያንስ 150 ግራም ካርቦሃይድሬት ይላል። ይህን በሚዛን መለካት አያስፈልግሽም። በእኛ ቤት ይህን መሙላት ቀላል ነው። እንደ መጠኑና እንደ ውፍረቱ ቢለያይም፣ አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን ከዚያ ግማሽ ገደማ ይይዛል። ቁርስ ላይ ዳቦ ወይም ገንፎ፣ ምሳ ላይ እንጀራ በሽሮ፣ ማታ ደግሞ እንጀራ ወይም ፓስታ ከበላሽ አልፈሽዋል። በሌላ በኩል ደግሞ «ሰውነቴን ላለማምደው» ብለሽ ኬክና ለስላሳ አትጨምሪ። ወትሮሽን ብቻ።

ጾሙን በተመለከተ፣ የጾም ምግብ ራሱ ለምርመራው ምንም ችግር የለበትም። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ እንጀራ ሁሉም ካርቦሃይድሬት አላቸው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምሺ ከዋልሽ በኋላ የምትበዪው ትንሽ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ የምታገኚው ካርቦሃይድሬት ከሚፈለገው በታች ይወርዳል። ለእነዚህ ሦስት ቀናት ቁርስ መብላት የሚከብድሽ ከሆነ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። ለነፍሰ ጡር፣ ያውም ለሕክምና ጉዳይ፣ ፈቃድ መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም። ሙስሊም እህቶችም በረመዳን ቀጠሮ ከተሰጣቸው ይኸው ነው። የጾሙን ረጅም ሰዓት የምርመራው ጾም አድርጎ መቁጠር አይቻልም።

ምክንያቱም የምርመራው ጾም ወለልም ጣሪያም አለው። ከ8 ሰዓት ማነስ የለበትም፤ ከ14 ሰዓት መብለጥም የለበትም። ካነሰ የእራትሽ ስኳር ገና ከደም አልወጣም። ከበለጠ ደግሞ ቅድም ያልኩሽ ስብ የማቃጠል ነገር ይጀምራል። ብዙ ሰው ወለሉን ያውቃል፤ ጣሪያውን ግን አያውቅም። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻ ምግቧን በልታ ጠዋት ሦስት ሰዓት የምትመጣ ሴት 16 ሰዓት ጾማለች። «ደህና አድርጌ ጾሜያለሁ» ትላለች፤ እኛ ግን እንድትመለስ እንነግራታለን። አንቺ እራትሽን ማታ 2:30 ላይ ጨርሺ። ጠዋት 2:00 ላይ ስትደርሺ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆንሻል። ልክ መሃል ላይ ነው።

በዚያ ሌሊትና ጠዋት ውሃ ጠጪ። ውሃ አይከለከልም፤ ውሃ ያልጠማት ሴት ደም ሥሯም ቶሎ ይገኛል። ቡና፣ ሻይ፣ ማስቲካ፣ ሲጋራና ጫት ግን ምርመራው እስኪያልቅ የለም። ስኳር የሌለው ቡናም ቢሆን አይሆንም፤ ካፌይን የኢንሱሊንን ሥራ ይነካል። የአይረን ክኒንሽ ሆድሽን የሚያውክ ከሆነ ከምርመራው በኋላ ውሰጂው። ሌላ መድኃኒት ካለ ግን ራስሽ አታቁሚው፤ ላዘዘልሽ ሐኪም ንገሪው። በተለይ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የመሰለ መድኃኒት ስኳርን በግልጽ ከፍ ያደርጋል። ለልጁ ሳንባ ተብሎ መርፌ በቅርቡ የተወጋች እናት ምርመራው ይቆይላታል። ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ካለሽም እስኪሻልሽ ጠብቂ፤ ሕመም በራሱ ስኳር ያስወጣል።

አሁን ወደ ቀኑ እንሂድ። ምርመራው ጠዋት የሚሠራው ለመጾም ስለሚቀል ብቻ አይደለም። ያው ሰው፣ ያንኑ ግሉኮስ ከሰዓት በኋላ ቢጠጣ ስኳሩ ከጠዋቱ ከፍ ይላል። ቁጥሮቹ ሁሉ የተጠኑት በጠዋት ስለሆነ ከሰዓት የተሠራን ምርመራ በእነሱ መዳኘት አይቻልም።

ስትደርሺ መጀመሪያ የባዶ ሆድ ደም ይወሰዳል። ይህ ሳይወሰድ ብርጭቆውን እንዳትነኪ። አንዳንድ ቦታ መጀመሪያ በጣት ይለኩሻል። ይህን የሚያደርጉት ስኳርሽ በባዶ ሆድም በጣም ከፍ ብሎ ከሆነ ላለማጠጣት ነው። የታወቀ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ይህ ምርመራ አይሠራም፤ መልሱ ቀድሞ ይታወቃላ። ጨጓራሽ ላይ ክብደት ለመቀነስ የሚሠራው ዓይነት ቀዶ ሕክምና አድርገሽ ከሆነም ተናገሪ፤ ለእንደዚህ ዓይነቷ ሴት ይህ መጠጥ አይመከርም።

መጠጡ 75 ግራም ግሉኮስ ነው፤ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል። አንድ ትልቅ ብርጭቆ በይው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው የሚያልቀው። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ስህተት የሚፈጠርበት ቦታ ስለሆነ ነው።

አንደኛ፣ የቤት ስኳር አይተካውም። የቤት ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ የሚባል ሌላ ስኳር ነው። 75 ግራም የቤት ስኳር የጠጣች ሴት ግማሽ ያህል ግሉኮስ ብቻ ነው የጠጣችው። ስኳሯ ከፍ ሳይል ይቀርና «ነጻ ነሽ» ትባላለች። ለስላሳ መጠጥም እንደዚሁ ነው። «ከሱቅ ስኳር ገዝተሽ ነይ» ከተባልሽ ሌላ ላቦራቶሪ ፈልጊ።

ሁለተኛ፣ የግሉኮስ ዱቄትም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ደረቅ ነው። ሌላው፣ ሞኖሃይድሬት የሚባለው፣ በውስጡ ውሃ ይዟል። ከዚህኛው 75 ግራም ብትመዝኚ የምታገኚው ንጹሕ ግሉኮስ 68 ግራም ገደማ ነው። ትክክለኛውን ለማግኘት 82.5 ግራም መመዘን አለበት። ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ይህን ማረጋገጥ የእኛ ሥራ ነው፤ አንቺ ዱቄቱን ራስሽ ከፋርማሲ ግዢ ከተባልሽ ግን ማሸጊያውን ይዘሽ ነይ፤ አብረን እናነበዋለን።

ጣዕሙን አልዋሽሽም፤ በጣም ይጣፍጣል፤ በባዶ ሆድ ደግሞ ይከብዳል። ቀዝቃዛ ከሆነ ይቀላል። በብዙ ቦታ ትንሽ ሎሚ ጠብ ማድረግ ይፈቀዳል፤ መጀመሪያ ግን ጠይቂ። በአንድ ትንፋሽ አትጨልጪው፤ ብዙዎችን የሚያስመልሳቸው እሱ ነው። ከአምስት ደቂቃ ሳታልፊ ፉት ፉት እያልሽ ጨርሺው። ከዚያ በኋላ አፍሽን በውሃ መጉመጥመጥ ትችያለሽ።

ሰዓቱ የሚቆጠረው መጠጣት ከጀመርሽበት ቅጽበት ነው፤ ከጨረስሽበት አይደለም። ይህን አንቺም በስልክሽ ላይ ያዢው። ለምሳሌ 2:00 ላይ የባዶ ሆድ ደም ተወሰደ እንበል። 2:10 ላይ የመጀመሪያውን ፉት አልሽ፤ 2:15 ላይ ጨረስሽ። ሁለተኛው ደም 3:10 ላይ፣ ሦስተኛው 4:10 ላይ ነው። ወረፋ በበዛበት ቀን «ትንሽ ቆይ» የሚባል ነገር ይመጣል። ሁለት ሦስት ደቂቃ አይጎዳም። ሃያ ደቂቃ ከሆነ ግን የምንለካው ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው። ስኳር በዚያ ሰዓት በየደቂቃው እየተለዋወጠ ነው። የአንድ ሰዓቱ ደም ዘግይቶ ሲወሰድ ስኳሩ ወርዶ ይጠብቀናል፤ ሊያዝ የሚገባው ያመልጣል። ስለዚህ 3:08 ሲሆን ተነሺና መስኮቱ ጋ ቁሚ። ማፈር አያስፈልግም።

በመሃሉ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ገበያ ደርሼ ልምጣ፣ ደረጃ ወጥቼ ካርድ ላውጣ አይባልም። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ከደም ስኳር ይወስዳል። የአንድ ሰዓት እግር ጉዞ ውጤቱን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሽንት ቤት መሄድ ችግር የለውም። የሚከብድሽ ከሆነ በግራ ጎንሽ ጋደም የምትዪበት ቦታ ጠይቂ።

ደሙ ከተወሰደ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ታካሚ ብዙም አይነገረውም፤ እኔ ግን ማወቅሽን እፈልጋለሁ። ደም ከሰውነት ወጥቶ ቱቦ ውስጥ ከገባም በኋላ ሕይወት አለው። ሴሎቹ ስኳሩን መመገብ አያቆሙም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ደም በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ግሉኮሱን ያጣል። በባዶ ሆድሽ የተወሰደው ደም 94 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነበር እንበል። አንድ ሰዓት ተኩል ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ማሽኑ ወደ 86 ሊያነበው ይችላል። በባዶ ሆድ የእርግዝና ስኳር መነሻ መስመሩ 92 ነው። እንግዲህ አስቢው፤ ከመስመሩ በላይ የነበረች ሴት ከመስመሩ በታች ሆና ወጣች። የተሳሳተ ማሽን የለም፤ ደሙ ቆይቶ ነው።

አንዳንድ ቦታ የሚደረገው ደግሞ ሦስቱን ደም አጠራቅሞ በአንድ ላይ ማሽን ውስጥ መክተት ነው። ሥራውን ያቀላል፤ ግን የመጀመሪያው ደም ከሁለት ሰዓት በላይ ጠብቋል። ለዚህ ነው ግራጫ ክዳን ያለውን ቱቦ የምንጠቀመው። ውስጡ ፍሎራይድ አለ፤ ሴሎቹ ስኳር እንዳይበሉ ያግዳል። እሱም ቢሆን ወዲያው አያቆማቸውም፤ በመጀመሪያው ሰዓት ገና ይበላሉ። ስለዚህ የተሻለው መንገድ ቱቦውን በረዶ ውስጥ አድርጎ፣ ቶሎ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሮ ፕላዝማውን ከሴሎቹ መለየት ነው። አንቺ ልትጠይቂ የምትችዪው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ደሜ ከተወሰደ ስንት ደቂቃ በኋላ ነው የሚለየው?» በደንብ የሚሠራ ላቦራቶሪ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ቱቦዎችሽ ላይ ስምሽ ብቻ ሳይሆን የተወሰደበት ሰዓት መጻፉንም እዪ። ሦስቱ ቱቦዎች ከተቀያየሩ ውጤቱ ምንም ትርጉም አይኖረውም።

ይህን ካልኩሽ በኋላ «በጣት ቢለካ አይሻልም?» ላልሽው መልሱ ይቀላል። የጣት መለኪያ ለዕለት ተዕለት ክትትል ግሩም መሣሪያ ነው። ነገር ግን ደረጃውን ያሟላ መሣሪያ እንኳ፣ ከ100 በታች ባለ ቁጥር ላይ እስከ 15 ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢሳሳት እንደ ደህና ይቆጠርለታል። መሣሪያው 92 ቢል እውነተኛው ከ77 እስከ 107 የትም ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ «አለብሽ» ወይም «የለብሽም» ማለት ይከብዳል። ሌላም ነገር አለ። ግሉኮስ ከተጠጣ በኋላ የጣት ደም ከክንድ ደም ሥር ከሚወሰደው ከፍ ያለ ስኳር አለው፤ ምክንያቱም የክንዱ ደም ጡንቻው ድርሻውን ከወሰደ በኋላ የሚመለስ ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ በጣት መሥራት ምንም ካለመሥራት እጅግ ይሻላል። አንቺ ግን ምርጫ ካለሽ የክንዱን ምረጪ። የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ ልሥራ ካልሽም በዚህ የእርግዝና ወቅት አይተካውም። በእርግዝና ጊዜ ቀይ የደም ሴል ቶሎ ቶሎ ስለሚታደስ ያ ቁጥር ዝቅ ብሎ ሊያታልል ይችላል።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስት ቁጥሮች ታያለሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መስመር ለባዶ ሆድ 92፣ ለአንድ ሰዓት 180፣ ለሁለት ሰዓት 153 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ እዚያ ከደረሰ ወይም ካለፈ የእርግዝና ስኳር ይባላል። ወረቀትሽ በሚሊ ሞል ከሆነ ቁጥሩን በ18 አባዢው፤ 5.1 ማለት 92 ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። የአንዲት ሴት ውጤት 84፣ 186 እና 141 ነው እንበል። የባዶ ሆዱ ደህና ነው። የሁለት ሰዓቱም ደህና ነው። የአንድ ሰዓቱ ግን 180ን አልፏል። በዚህ መመሪያ ይህች ሴት የእርግዝና ስኳር አለባት። «ሁለቱ ደህና ሆነው በአንዱ ብቻ እንዴት?» ብላ ትጠይቅ ይሆናል። ሦስቱ ቁጥሮች የሚናገሩት የተለያየ ነገር ነው። የባዶ ሆዱ፣ ሌሊት ጉበት የሚለቀውን ስኳር ኢንሱሊኗ ማስቆም መቻሉን ያሳያል። የአንድ ሰዓቱ፣ ቆሽቷ ምን ያህል ፈጥኖ እንደደረሰ ያሳያል። የሁለት ሰዓቱ፣ ጡንቻዋ ስኳሩን ምን ያህል እንደተቀበለ። የዚህች ሴት ቆሽት ይደርሳል፤ ግን ዘግይቶ ነው። ለእሷ ሐኪሟ ምናልባት የሚላት የምግቡን መጠን በአንድ ጊዜ ከመብላት ከፋፍለሽ ብዪ፣ ከምግብ በኋላ ትንሽ ተራመጂ፣ በጣት እየለካሽ ነይ ነው። ይህች ሴት ግን እንዳንቺ ለቀናት እንጀራ አቁማ መጥታ ቢሆን ኖሮ፣ ያ 186 የእሷ ይሁን እንጀራ የማቆሟ መለየት አልችልም ነበር። ለዚህ ነው በዝግጅቱ ላይ ይህን ያህል የምደርቀው።

የመስመሩ ጉዳይም ግልጽ ይሁንልሽ። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ ይፋ የሆነው ሃፖ የተባለው ጥናት በዘጠኝ አገሮች 25 ሺህ ገደማ ነፍሰ ጡሮችን በዚሁ ምርመራ አይቷል። የእናትየው ስኳር ከፍ ባለ ቁጥር ልጁ ከልክ በላይ የመግዘፍ ዕድሉ አብሮ እየጨመረ ይሄዳል፤ «እዚህ ድረስ ደህና፣ ከዚህ በኋላ አደጋ» የሚል ግልጽ አጥር ግን አልተገኘም። መስመሩ በባለሙያዎች ስምምነት የተሰመረ ነው። ስለዚህ 178 ያገኘች በጣም አትዝናና፤ 181 ያገኘችም አትሸበር። ያው ሰው በሌላ ቀን ቢደገምለት ቁጥሩ ትንሽ መለየቱ አይቀርም።

በነገራችን ላይ አሜሪካ ያለች እህትሽ ወይም ጓደኛሽ ሌላ ነገር ብትነግርሽ አትደናገሪ። እዚያ ብዙ ሐኪሞች በሁለት ደረጃ ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ ሳይጾም 50 ግራም ይጠጣና ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ደም ይወሰዳል። ያ ከፍ ካለ በሌላ ቀን ተጹሞ 100 ግራም ይጠጣል፤ አራት ጊዜ ደም እየተወሰደ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የሚዳኝበት ቁጥርም ሌላ ነው፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ማለፍ አለበት። የእሷን ቁጥር ካንቺ ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

ካስመለሰሽ? ወዲያው ንገሪን። ያስመለሰሽ ጥቂት ነው ብለሽ ዝም አትበዪ። ምን ያህሉ እንደወጣ፣ ምን ያህሉ ወደ ደም እንደገባ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ምርመራው እዚያው ይቆምና ሌላ ቀን ይቀጠርልሻል። በዚያው ቀን ሌላ ብርጭቆ ጠጥቶ መቀጠል አይቻልም፤ የመጀመሪያው ግሉኮስ ገና በደምሽ ውስጥ አለ። የባዶ ሆዱ ደም ግን ተወስዷል፤ እሱ ብቻውን 92 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መልሱ ተገኝቷል፤ ድጋሚ መጠጣትም ላያስፈልግሽ ይችላል። ሁለተኛም ጊዜ ካስመለሰሽ ሐኪምሽ ሌላ መንገድ አላት። በቤትሽ ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋት በባዶ ሆድሽ፣ ከዚያም ከየምግቡ በኋላ በጣት እየለካሽ ትመዘግቢያለሽ። ቅድም ያልኩት የጣት መለኪያ ስህተት እዚህም አለ፤ ግን የአንድ ሳምንት ቁጥሮች ሲደረደሩ ከአንድ ንባብ የተሻለ ይናገራሉ።

ማቅለሽለሽ፣ ትንሽ ላብ፣ ራስ ማዞር የሚጠበቅ ነው። ወደ መጨረሻው አካባቢ የሚያንቀጠቅጥና የሚያስርብ ስሜት የሚመጣባቸው አሉ፤ ኢንሱሊኑ ዘግይቶ በብዛት ሲደርስ ስኳሩ ስለሚወርድ ነው። ዓይንሽ ጭልም ካለ ወይም ልትወድቂ ከመሰለሽ ጥሪን። ቦርሳሽ ውስጥ ዳቦና የምትቀምሽው ነገር ይዘሽ ነይ፤ ሦስተኛው ደም እንደተወሰደ ብዪ። ብቻሽን አትምጪ፤ መኪናም አትንጂ።

እናትሽ ስኳር ስላለባት ምርመራው በአግባቡ መሠራቱ ለአንቺ ከሌላው የበለጠ ያስፈልጋል። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የሚሠራውም ያለ ምክንያት አይደለም። የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ማስቸገር በግልጽ የሚጀምሩት በዚህ ጊዜ ነው። አንቺ 26ኛው ላይ ስለሆንሽ ሦስቱን ቀን በልተሽ ለመምጣት በቂ ጊዜ አለሽ።

ውጤትሽ የእርግዝና ስኳር ቢል ደግሞ ይህ ምርመራ አንድ ጊዜ ይመለሳል። ከወለድሽ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያንኑ 75 ግራም ትጠጫለሽ። ያኔ ግን ደም የሚወሰደው ሁለት ጊዜ ነው፤ በባዶ ሆድና ከሁለት ሰዓት በኋላ። መስመሩም ይለወጣል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ያለው ከ140 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ140 እስከ 199 ወደ ስኳር ሕመም የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ነው። 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የስኳር ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪምሽ ደግማ ታረጋግጣለች። ብዙ እናቶች ልጁ ደህና ስለተወለደ ብለው ይህንኛውን ይተዉታል። ቀጠሮውን የልጅሽን የስድስት ሳምንት ክትባት ስታስከትቢ አብረሽ አስይዢው። ያኔም ሦስቱን ቀን እንጀራሽን እየበላሽ ነው የምትመጪው።